«አክበር ዋሒድ» ብዬ 37 ቁጥር ጫማ መጣልኝ፤ በዐረብኛ «የሚበልጥ» እና «ከሁሉ የሚበልጥ» በምን ይለያል?

የክር_ልክ · ቅዳሜ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ጅዳ ከገባሁ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆነኝ። ዐረብኛዬ የወጥ ቤትና የገበያ ነው፤ አንድ ቀን ደብተር ይዤ የተማርኩት ነገር የለም።

ትናንት ለልጄ ጫማ ልገዛ ወጣሁ። እናቴ የእግሩን ልክ በክር ለክታ በሰው ልካልኛለች። 31 ቁጥሩን አንስቼ ክሩን ውስጡ ሳስገባው ጣት ያህል ተረፈ። ስለዚህ ከፍ ያለ ፈለግኩና ባለሱቁን «አብጋ አክበር ዋሒድ» አልኩት። ጓዳ ገብቶ ቆይቶ፣ አቧራውን እፍ እያለ 37 ይዞ መጣ። «ለልጅ ነው!» ብለው «አንቺ ነሽ ያልሽው» አለኝ። «ሸዋይ፣ ሸዋይ አክበር» እያልኩ በእጄ ሳሳየው ሳቀና «ቁሊ ዋሒድ አክበር» አለኝ። 32ቱንም 33ቱንም አመጣልኝ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ሁለቱም ቃል ያው፣ የተገለባበጠው ብቻ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የተለየው?

ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ። እመቤቴ ጥሩ ነገርን «ዜን» ትላለች፤ «ይሻላል» ስትል ግን «አሕሰን»። የከፋ ነገር ሲገጥማት ደግሞ «አኸስ» ትላለች። ከቢር ወደ አክበር ሲሄድ ይገባኛል። ዜን ግን እንዴት ብሎ ነው አሕሰን የሚሆነው?

---

አቡ_ሪም · ቅዳሜ ማታ 3፡42

እህቴ ቀላል ነው። ዐረብኛ ላይ ሲበልጥ ፊቱ ላይ «አ» ትጨምሪያለሽ፣ መሃሉን ትጨምቂዋለሽ። ሰጊር አስገር፣ ጠዊል አጥወል፣ ረኺስ አርኸስ። ስህተትሽ ጾታው ላይ ነው። ጫማ በጅዳ ዐረብኛ «ጀዝማ» ነው፤ ሴት ነው። ለሴት አክበር አይባልም፣ ኩብራ ነው የሚባለው። «አብጋ ኩብራ» ብትይው ኖሮ ወዲያው ይገባው ነበር።

---

ደረሰኝ_ያዙ · ቅዳሜ ማታ 3፡50

37ቱን ገዝተሽው ነው? ደረሰኙን ካልጣልሽ መልሽው እንጂ ምን ያስጨንቅሻል። እዚያ አገር ጫማ ካልለበሱት ይቀይራሉ።

---

የክር_ልክ · ቅዳሜ ማታ 3፡55

@ደረሰኝ_ያዙ አልገዛሁትም ወንድሜ፣ 33ቱን ነው የገዛሁት። ጥያቄዬ ስለ ቋንቋው ነው 😄

---

ከመድረሳ_የቀረ · ቅዳሜ ማታ 4፡31

አቡ ሪም የመጀመሪያውን በትክክል ነው የነገርካት። ጾታው ላይ ግን ተሳስተሃል፤ እህታችን በምክርህ ገበያ ብትወጣ ከ37ቱ የባሰ ነገር ይመጣላታል።

አክበር ማወዳደሪያ ሆኖ ሲገባ ጾታም ብዛትም አይነካውም። «ሂያ አክበር ሚኒ» ማለት «እሷ ትበልጠኛለች» ነው፤ «ሁም አክበር ሚኒ» ማለት «እነሱ ይበልጡኛል» ነው። አክበር ንቅንቅ አይልም። ኩብራ የሚመጣው ቃሉ «አል» ለብሶ ከስሙ ኋላ ሲቆም ነው። በመጽሐፍ ዐረብኛ «ታላቅ እህቴ» ስትል «ኡኽቲ አል-ኩብራ» ትላለህ። ታላቋ ብሪታንያም በዚሁ መንገድ «ብሪጣኒያ አል-ዑዝማ» ናት። በገበያ አፍ ግን እሱም የለም፤ ጅዳ ውስጥ «ኡኽቲ ል-ከቢራ» ነው የምትሰማው።

አሁን ወደ ጫማው። የክር_ልክ፣ ያንቺ ጥፋት ቃል መምረጥ ላይ አይደለም፤ አማርኛሽ ነው የጣለሽ። እኛ ቅጽሉን እናስቀድማለን፤ «ትልቅ ቤት»፣ «ትልቁ ጫማ» እንላለን። ዐረብኛ ስሙን ያስቀድምና ቅጽሉን ያስከትላል፤ «በይት ከቢር»። ስለዚህ «ዋሒድ አክበር» ስትይ ቅጽሉ በተለመደው ቦታው ነው፤ «አንድ ከፍ ያለ» ማለት ነው። አክበርን ከስሙ በፊት ስታመጪው ግን የሌላ አገር ሕግ ውስጥ ገባሽ። ያ ቦታ «ከሁሉ» የሚባልበት ቦታ ነው። «አክበር ዋሒድ» ማለት «ካለው ሁሉ ትልቁ» ነው። ባለሱቁ በትክክል ነው የታዘዘሽ፤ ያለውን የመጨረሻ ቁጥር አመጣልሽ።

«ወለድ አክበር» ከሌላው የሚበልጥ ልጅ፣ «አክበር ወለድ» ከልጆቹ ሁሉ ትልቁ። አንድ ቃል ወደ ፊት ስለዘለለ ነው ይህ ሁሉ።

---

የክር_ልክ · ቅዳሜ ማታ 4፡48

ኡስታዝ፣ አላህ ይስጥልኝ! እኔ እኮ «ትልቁን አምጣልኝ» ብዬ በአማርኛ አስቤ ነው ያወጣሁት። በአማርኛ «ትልቁን» ብል ሁለት ጫማ ካለ ከሁለቱ፣ አሥር ካለ ከአሥሩ ነው። ሰውየው ራሱ ያውቀዋል።

---

ከመድረሳ_የቀረ · ቅዳሜ ማታ 4፡53

ኡስታዝ አትበዪኝ፣ ስሜን አንብቢው 🙂 ያልሽው ግን ዋናው ነጥብ ነው። «ትልቁ ልጄ» ሲባል ልጆቹ ሁለት ይሁኑ ስድስት አማርኛው አይለይም። ዐረብኛው ይለያል፤ የሚለየውም በቦታ ነው። ቦታው ግራ ሲያጋባሽ «ሚን» ጨምሪ። «አክበር ሚን ሃዳ» ካልሽ የትም አገር «ከዚህ የሚበልጥ» ነው፤ 37 አይመጣም።

---

ሱቅ_ውስጥ_ያደገ · እሑድ ጠዋት 1፡20

እኔ ጅዳ ጨርቅ ቤት 6 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሐበሻ ደንበኛ ሲገባ የሚገጥመኝን ልጨምር። ሚንን ያውቁታል፣ ግን የሚያስገቡት በአማርኛው «ከ» ቦታ ነው። «ከዚህ የሚበልጥ» ብለው አስበው «ሚን ሃዳ አክበር» ይላሉ። የጅዳ ሰው ጆሮ ውስጥ ይህ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? «ማነው» የሚለው የጅዳ ቃልም ሚን ነው፤ ልዩነቱ እሱ «ሚ»ውን ትንሽ መጎተቱ ብቻ። «ሚን ሃዳ» ስትሉት «ይሄ ማነው?» ያላችሁት ይመስለዋል። አንዷ እናት ጥቅልል ጨርቅ እየጠቆመች «ሚን ሃዳ፣ ሚን ሃዳ» ስትለው አለቃዬ «ወላሂ እኔም አላውቀውም» ብሏታል።

ስለ ቀለምም ልንገራችሁ፤ ይህ ሁሉንም ሰው ያሳስታል። አሕመር (ቀይ)፣ አስወድ (ጥቁር)፣ አኽደር (አረንጓዴ) ሁሉም ቅርጻቸው የአክበር ቅርጽ ነው። ስለዚህ «አስወድ» ማለት «ይበልጥ የጠቆረ» ይመስላል፤ አይደለም፣ ዝም ብሎ ጥቁር ነው። ጠቆር ያለ ስትፈልጉ «አግመቅ»፣ ፈካ ያለ ሲሆን «አፍተሕ» በሉ። ጋሚቅ እና ፋቲሕ ከሚሉት የመጡ ናቸው። «አሕመር አግመቅ ሚን ሃዳ» ካላችሁት ከዚህ ጠቆር ያለውን ቀይ ያወርድላችኋል።

---

አቡ_ሪም · እሑድ ጠዋት 2፡05

እሺ፣ ኩብራው ላይ ተምሬያለሁ። ግን የቀለሙን አልገዛም። በቴሌቪዥን «አስወድ ሚን» ሲሉ ሰምቻለሁ።

---

ከመድረሳ_የቀረ · እሑድ ጠዋት 2፡30

ልትሰማ ትችላለህ፤ በአፍ የሚል አለ። ሰዋስው የሚያስተምር ሰው ግን «አሸድ ሰዋደን» ነው የሚልህ፤ «በጥቁረት የበረታ» እንደማለት። ለቀለምና እንደ «አንካሳ» ላሉ የአካል ጉዳት ስሞች የአክበር ቅርጽ ተይዟል፤ አንካሳው «አዕረጅ» ነው። አንድ ቅርጽ ሁለት ሥራ አይችልምና ማወዳደሪያውን በሌላ ቃል አስደገፉት። ሴቷን ስትጠራ ልዩነቱ ይታይሃል፤ የአክበር ሴት ኩብራ ናት፣ የአሕመር ሴት ግን ሐምራእ ናት።

አሁን የእህታችን ሁለተኛ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ዜን እንዴት አሕሰን ይሆናል? መልሱ፣ አይሆንም። አሕሰን የዜን ልጅ አይደለም። አባቱ «ሐሰን» ነው፤ መልካም ማለት ነው፣ ሰው ስም ሆኖ የምታውቁት። ሐሰን በገበያ ቋንቋ ጥሩ ለማለት ብዙም አይሠራበትም፣ ቦታውን ባሕረ ሰላጤው ላይ ዜን፣ ግብፅ ውስጥ ኩወይስ፣ ሶርያና ሊባኖስ መኒሕ ወሰዱት። ልጁ አሕሰን ግን በሁሉም አገር በአባቱ ቤት ተቀምጦ ቀረ።

---

ቤሩት_ነበርኩ · እሑድ ጠዋት 3፡12

ትክክል! ቤሩት 5 ዓመት ስኖር «መኒሕ» ሲሉ ኖረው «ይሻላል» ሲሆን አሕሰን ነው የሚሉት። እንዲያውም አሕሰን ብቻውን ሲመጣ ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ከሥራ መባረሩን ስንነግራት እመቤቴ «አሕሰን!» አለች። «ይሻለዋል» ያለች መስሎኝ አዘንኩላት፤ ለካስ «ይበለው» ማለቷ ነው።

እዚያ ሌላም ልማድ አለ። አክበር ዓይነት ቅርጽ የማይወጣለት ቃል ሲሆን «አክተር» ከኋላ ይጨምራሉ። «ተዕባን አክተር» ማለት ይበልጥ የደከመው ነው።

---

የክር_ልክ · እሑድ ጠዋት 3፡30

እመቤቴም «ተዕባና አክሰር» ትላለች፤ ለካስ አንድ ነው። እና አኸስስ?

---

ሱቅ_ውስጥ_ያደገ · እሑድ ጠዋት 3፡41

አኸስ «ኸሲስ» ከሚለው ነው፤ ርካሽ፣ ወራዳ ማለት። ለ«ባሰ» ጅዳም ሪያድም ይላሉ። የመጽሐፉ «አስወእ» ነው፤ ዜና ላይ ብትሰሚው እሱ ነው። ግብፆች ደግሞ «አውሐሽ» ይላሉ። ሦስቱም አንድ ቦታ ይሠራሉ፤ አስወእ ብትይ ሁሉም ይረዳሻል።

---

የቅኔ_ቤት_ትርፍ · እሑድ ቀን 7፡15

ከዐረብኛ ጋር ብዙ ዕውቀት የለኝም፣ አንድ ነገር ግን ሳላነሳ አላልፍም። ዜን ወደ አሕሰን መዝለሉ የሚገርማችሁ ለምንድን ነው? የኛውን አማርኛ እዩት እንጂ። ጥሩ ነው፣ ከዚያስ? «ይጠራል» አንልም፤ ይሻላል ነው። መጥፎ ነው፣ ከዚያስ? «ይብሳል»። ትልቅ ነው፣ ከዚያስ? «ይበልጣል»። ሦስቱም ሌላ ቃል ነው የሚመጣላቸው፤ ያውም ግስ። ዐረብ ቢማር እሱም እንደኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ ያድራል።

ግእዙም እንዲሁ ነው፤ «ይኄይስ» ይልና ይሻላል ማለቱ ነው። «ከ» የሚለውን ደግሞ «እምነ» ይለዋል፤ ከዐረቦቹ ሚን ጋር ዘመድ ነው። አማርኛ ግን እሱን ጥሎ «ከ» ይላል። ይልቅ፣ ላቀ፣ ታላቅ፣ ትልቅ የሚሉት ሁሉ «ልህቀ» ከሚለው ከአንድ ግንድ የበቀሉ ይመስሉኛል፤ «ከዚህ ይልቅ» ስንል ሳናውቀው «ከዚህ ይበልጥ» እያልን ነው።

---

ከመድረሳ_የቀረ · እሑድ ቀን 8፡02

የኔታ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ይሻላል እና ይብሳል ግስ መሆናቸው የሐበሻን ስህተት ያብራራዋል። ብዙ ሰው «ሃዳ ዚያዳ ከቢር» ሲል እሰማለሁ፤ ዚያዳ «ጭማሪ» ነው፣ ጆሮው ግን በአማርኛ «ይበልጣል» ብሎ ነው የሚሰማው። ባሕረ ሰላጤው ላይ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ ስለሚለው ባለሱቁ ይገባዋል፣ ዐረብኛው ግን አይደለም።

ስለ «የሚሻል» እና «የሚብስ» ግን ከሁሉም በፊት ማለት የነበረብኝ ሌላ ነው። በመጽሐፉ ዐረብኛ ለሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ኸይር እና ሸር ናቸው፤ «አ» የላቸውም። የጥንት ሰዋስው ሊቃውንት ሲናገሩ አኽየር እና አሸር ነበሩ፣ ከመደጋገም ብዛት «አ»ው ተፋቀ ይላሉ። ሙስሊም ሁሉ በየንጋቱ ይሰማዋል፤ ሙአዚኑ «አስ-ሰላቱ ኸይሩን ሚነን-ነውም» ሲል «ሶላት ከእንቅልፍ ትሻላለች» ማለቱ ነው። ሰላት ሴት ናት፣ ኸይር ግን አልተነካም፤ አቡ ሪም ይሄን ያዝ። ተንኮሉ ኸይር ለብቻው ሲመጣ «መልካም ነገር» የሚል ስም መሆኑ ነው። ሚን ሲከተለው ነው «የሚሻል» የሚሆነው።

---

አቡ_ሪም · እሑድ ቀን 8፡20

ታዲያ «አላሁ አክበር» ላይ ሚኑ የታለ? እንዳልከው ከሆነ «አላህ ከ… ይበልጣል» ብሎ መጨረስ ነበረበት።

---

ከመድረሳ_የቀረ · እሑድ ቀን 8፡44

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ «ሚን ኩሊ ሸይእ» ተውጦ ነው፣ «ከሁሉ ነገር ይበልጣል» ነው ይላሉ። ማወዳደር የለበትም፣ «ታላቅ» ማለት ብቻ ነው ያሉም አሉ። እኔ የመጀመሪያውን ነው የተማርኩት፤ ክርክሩን ግን እዚህ ልንዘጋው አንችልም።

---

አንዋር_ሰፈር · እሑድ ማታ 1፡10

ታዲያ የአንዋር መስጊድ «አንዋር»ም በዚህ ቅርጽ ነው? «ይበልጥ የሚያበራ»?

---

ከመድረሳ_የቀረ · እሑድ ማታ 1፡33

በአጠራሩ ይወሰናል። «ዋ»ው ከተጎተተ «ብርሃኖች» ነው፣ የኑር ብዙ ቁጥር። «አንወር» ተብሎ ካጠረ ግን ያልከው ይሆናል። ጥርጥር የሌለባቸውን ከፈለግክ አሕመድ አለልህ፣ አክረም አለልህ፤ አል-አቅሳም «እጅግ የራቀው» ነው። ከሁሉ የምወዳት ግን ዱንያ ናት። እኛ «ዱንያ አገኘ» ብለን ሀብት አደረግናት እንጂ የ«አድና» ሴት ናት፤ የምትቀርበው፣ ዝቅ የምትለው ማለት። ሑስናም የአሕሰን ሴት ናት።

---

ከሐይፋ · እሑድ ማታ 2፡05

እኛ ጋ ዕብራይስጥ ላይ ይሄ ጣጣ የለም። «ዮቴር ቶቭ» ብለህ ትገላገላለህ፣ «ዮቴር» ለሁሉም ይሠራል። ከሐይፋ ዐረቦች ጋር ስሠራ ግን እኔም «አክተር ከቢር» እያልኩ ስንት ጊዜ ተስቆብኛል።

---

ኩዌት_ስንት_ዓመት · እሑድ ማታ 3፡48

እዚህ ኩዌት ከቢር ከሚለው ይልቅ «ዖድ» የሚል ቃል አለ፤ ትልቅ ማለት ነው። የቤቱን ታላቅ ወንድም «ዖድ» ብለው ይጠሩታል። ሲበልጥ ግን እመቤቴ «አክበር» ነው የምትለው፣ ከዚያው ከዜንና አሕሰን ዓይነት ይመስለኛል። አማቷ አሮጊቷ ደግሞ «አዕወድ» ሲሉ ሰማሁ። የአሮጊት ቃል ነው ወይስ ሁሉም ይላል? ባሕሬን ያለ ሰው ካለ ይንገረኝ።

---

የክር_ልክ · ሰኞ ጠዋት 12፡40

ትናንት ማታ እመቤቴን ሞከርኳት። ሻይ ብርጭቆ ስታነሳ «አብጋ ዋሒድ አስገር» አልኳት፣ ቀጥታ ትንሿን አቀበለችኝ። ከዚያ «አስገር ዋሒድ» ስላት መደርደሪያው ላይ ያለችውን የመድኃኒት መስፈሪያ የምታህለውን አውርዳ «ለማን ነው?» አለችኝ።

@ኩዌት_ስንት_ዓመት የኛዋ ዖድ የሚለውን ስጠይቃት «ይሄ የነሱ ነው» ብላ አለፈችኝ። ባሕሬን ያላችሁ እስቲ ድምፃችሁን አሰሙ።